ከቃለ መጠይቅ በኋላ ውጤትን መከታተል፦ ሥራው በጣም ለሚያስፈልገው አመልካች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የሚመለከተው አንድ ጠባብ ጊዜ ነው፤ እርሱም ከቃለ መጠይቁ ማብቂያ አንሥቶ ቁርጡ እስኪታወቅ ያለው ጊዜ ነው። በግል ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ስሠራ፣ በፈተናውም በቃለ መጠይቁም ጥሩ ውጤት ያገኙ አመልካቾች በዚህ የጥበቃ ጊዜ በሚልኩት መልእክት ራሳቸውን ሲያሳንሱ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከእነርሱ ጋር እኩል የተቸገሩ ሌሎች ደግሞ ሁለትና ሦስት መልእክት ልከው በጥሩ ስሜት ሲታወሱ አይቻለሁ። ልዩነቱ በችግራቸው መጠን ላይ ሳይሆን በጠየቁት ነገርና በጠየቁበት ቀን ላይ ነበር።

መልሶቹ ከተጨባጭ ነገር እንዳይርቁ አንዲት አመልካች እናስብ። በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ አስመጪ ድርጅት ባወጣው ማስታወቂያ ለሒሳብ ሠራተኛነት አመልክታ የጽሑፍ ፈተናውን አልፋለች፤ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን ደግሞ ቃለ መጠይቅ አድርጋለች። የቀድሞ ሥራዋ ኮንትራት አልቋል። የቤት ኪራይ የምትከፍለው ወር በገባ በ1 ስለሆነ ታኅሣሥ 1 ከፊቷ ቆሟል። ውጤቱ «በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ» እንደሚገለጽ ተነግሯታል።

ከቃለ መጠይቁ ክፍል ከመውጣቴ በፊት ምን መጠየቅ አለብኝ?

መቼና በምን መንገድ እንደሚያሳውቁ ይጠይቁ። «ውጤቱን እስከ መቼ ድረስ እንጠብቅ? የምታሳውቁንስ በስልክ ነው ወይስ በኢሜይል?» ብሎ መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ «ጥያቄ አለዎት?» ሲባል ሊነሣ የሚገባው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የሚልኩት መልእክት ሁሉ የሚመዘነው በዚህ መልስ ነው። ቀን የተነገረው ሰው ቀኑ ካለፈ በኋላ ሲጠይቅ የተባለውን እያስታወሰ ነው፤ ቀን ያልጠየቀ ሰው ግን በየትኛውም ቀን ቢጠይቅ የጨነቀው ይመስላል።

በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «እስከ 15 ድረስ እናሳውቃለን» ሲባል የኢትዮጵያ ወር 15 ይሁን የፈረንጆቹ ወር 15 መለየት አለበት፤ በተለይ የውጭ ለጋሾች ያሏቸውና ሪፖርታቸውን በፈረንጆች አቆጣጠር የሚሠሩ ድርጅቶች በዚያው ልማድ ይናገራሉ። የቀኑ ልዩነት በአብዛኛው ከሰባት እስከ አሥር ቀናት ስለሆነ፣ ተሳስቶ የሚደውል ሰው ለራሱ በሰዓቱ የደወለ ሲመስለው ለሚቀበለው ገና ሳምንት የቀረው ችኩል ሊሆን ይችላል። በምሳሌያችን «10 የሥራ ቀናት» ከረቡዕ ኅዳር 10 ጀምሮ ቅዳሜንና እሑድን ሳይጨምር ሲቆጠር ማክሰኞ ኅዳር 23 ላይ ያበቃል። አመልካቿ ይህን ቀን በዚያው ዕለት በስልኳ ላይ መመዝገብ ይኖርባታል፤ በሆድ የሚቆጠር ቀን ሁልጊዜ ፈጥኖ ይሞላልና።

የምስጋና መልእክት መላክ በእኛ ዘንድ ልማድ አይደለም። ልላክ ወይስ እንደ ማባበል ይቆጠርብኛል?

በአሜሪካ ከቃለ መጠይቅ በኋላ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ አጭር የምስጋና ኢሜይል መላክ የተለመደ ነው፤ እዚያ የሚኖሩ አንባቢዎች ባይልኩ ነው የሚጎድልባቸው። በኢትዮጵያ ግን ብዙ አመልካቾች ስለማይልኩ የላከው ሰው ለብቻው ይታያል። ይህ ሁለት ስለት አለው። መልእክቱ በውዳሴ የተሞላ ከሆነ በእርግጥም ማባበል ይመስላል። ስለ ሥራው ከሆነ ግን ማንም በክፉ አይተረጉመውም።

ስለ ሥራው ነው የሚያሰኘው በቃለ መጠይቁ ላይ የተነሣ አንድ ተጨባጭ ጉዳይ መጥቀሱ ነው። አመልካቻችን የትራንዚት ደረሰኝ ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር ሳይጣጣም ሲቀር እንዴት እንደምታስተናግድ ተጠይቃ ነበር እንበል። ረቡዕ ኅዳር 10 ጠዋት የሚከተለውን ብትልክ በቂ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። በትናንትናው ዕለት ለሒሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ ለቃለ መጠይቅ ስለተቀበላችሁኝ አመሰግናለሁ። ከዲክላራሲዮን ጋር ስለማይጣጣሙ ደረሰኞች የተነሣው ጥያቄ የሥራውን ጠባይ በደንብ እንድረዳ ረድቶኛል፤ በቀድሞ ሥራዬም በየሳምንቱ የሚያጋጥመኝ ጉዳይ ነበር። ውጤቱን በተባለው ጊዜ እጠብቃለሁ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ቀላል ቢመስልም ብዙ ይሠራል፤ መልእክቱ መልስ እንደማይጠይቅ ለተቀባዩ ይነግረዋል። ተቀባዩ ምንም ሳያደርግ ሊያነብበው የሚችል መልእክት ሸክም አይሆንበትም። መልስ ካልመጣም ምንም ማለት አይደለም፤ ለምስጋና መልእክት አብዛኞቻችን መልስ አንጽፍም ነበር።

የተባለው ቀን አልፏል፤ ስንት ቀን ልጠብቅ?

ሁለት የሥራ ቀናት ይጨምሩና ይጻፉ። በምሳሌያችን ቀኑ ማክሰኞ ኅዳር 23 ስለነበረ፣ ሐሙስ ኅዳር 25 ጠዋት ተገቢው ጊዜ ነው። ምንም ቀን ካልተነገረዎት ደግሞ ከቃለ መጠይቁ በኋላ ሁለት ሳምንት መጠበቅ የሚያስኬድ ነው።

የዘገየበትን ምክንያት ማወቅ ጭንቀትን ባያጠፋም መልእክቱን ያስተካክላል። የቃለ መጠይቁ ውጤት ከተደመረ በኋላ የመራጭ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይዘጋጃል፤ አባላቱ ሁሉ ይፈርሙበታል፤ ከዚያም የሚያጸድቀው ኃላፊ ዘንድ ይቀርባል። ከፈራሚዎቹ አንዱ ለመስክ ሥራ ሐዋሳ ቢሄድ፣ ወይም ሥራ አስኪያጁ ለዕቃ ግዢ ዱባይ ቢሆን፣ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ እንደተቀመጠ አንድ ሳምንት ይሞላዋል። የበዓል ሰሞን ከሆነ ደግሞ መዘግየቱ የታወቀ ነው፤ ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት ቀናት፣ ወይም በስቅለትና በፋሲካ ዙሪያ፣ ሁሉም ፈራሚዎች በአንድ ቀን ቢሮ ሲገኙ ማየት ብርቅ ነው። በተጨማሪም የመጀመሪያ ተመራጩ ተነግሮት መልሱ እየተጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ለሁለተኛው «አልተመረጡም» ማለት ስለማይቻል ዝም ይባላል። ስለዚህ ዝምታው ራሱ አለመፈለግዎን አያሳይም፤ ሁለተኛ ሆነው ከሆነ ግን ዝም የተባሉት ስለሚፈለጉ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነገሩ በመጠኑ ይለያል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ በማስታወቂያ ሰሌዳ ስለሚለጠፍ፣ ከመጻፍ ይልቅ ሰሌዳውን ማየት ወይም የሚለጠፍበትን ቀን መጠየቅ ይቀድማል።

መልእክቱ ምን ቢል ይሻላል?

በመጀመሪያ መባል የሌለበትን እንይ። የሚከተለው ከአንድ ሰው የተወሰደ አይደለም፤ ከብዙ መልእክቶች የማውቃቸው ዓረፍተ ነገሮች የተገጣጠሙበት ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ኢንተርቪው ያደረግሁት እኔ ነኝ። እባክዎ ውጤቴን ይንገሩኝ። ቤተሰብ የማስተዳድረው እኔ ነኝ፤ የቤት ኪራይም ደርሶብኛል። በተባለው ደመወዝ ባይሆንም ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ። ሌላ ማንኛውም ክፍት ቦታ ካለም እሠራለሁ። ስለ እግዚአብሔር ብለው ይተባበሩኝ።»

በዚህ መልእክት ውስጥ ውሸት የለም፤ ጸሐፊዋም ምንም ነውር አላደረገችም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በመጀመሪያ፣ ማን እንደሆነችና ለየትኛው መደብ እንደተወዳደረች አይታወቅም፤ በአንድ ሳምንት ለሦስት የሥራ መደቦች ሠላሳ ሰው ያነጋገረ ሠራተኛ «ባለፈው» የተባለውን ማስታወስ አይችልም። ሁለተኛ፣ የጠየቀችው ውጤቱን ነው። መልእክቱን የምታነብበው የሰው ኃይል ባለሙያ ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም ውጤት የመናገር ሥልጣን የላትም፤ ስለዚህ ልትሰጥ የማትችለውን ስለተጠየቀች መልስ ሳትሰጥ ታልፈዋለች። ሦስተኛ፣ «በተባለው ደመወዝ ባይሆንም» የሚለው ሐረግ ማንም ሳይጠይቅ ዋጋን ዝቅ ያደርጋል። ይህ ሐረግ ኋላ በደመወዝ ድርድር ጊዜ ከፋይሉ ሲወጣ አይቻለሁ። አራተኛ፣ «ሌላ ማንኛውም ክፍት ቦታ» ሲባል ለዚህኛው ሥራ የተለየ ፍላጎት አለኝ የሚለው ነገር ሁሉ ይፈርሳል።

አሁን ያችው ሴት፣ ያንኑ ችግር ይዛ፣ ሐሙስ ኅዳር 25 ጠዋት እንዲህ ልትጽፍ ትችላለች። የኢሜይሉን ርዕስ «ለሒሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ የኅዳር 9 ቃለ መጠይቅን ይመለከታል» ብላ ትጀምራለች።

«ጤና ይስጥልኝ። ኅዳር 9 ቀን ለሒሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ ለቃለ መጠይቅ ቀርቤ የነበርሁ ሲሆን፣ ውጤቱ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንደሚገለጽ ተነግሮኝ ነበር። ምርጫው ገና በሂደት ላይ ከሆነ፣ በግምት መቼ ሊጠናቀቅ እንደሚችል ቢገልጹልኝ አመሰግናለሁ። ለሥራው ያለኝ ፍላጎት እንደጸና ነው። ከቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የሥራ ልምድ ማስረጃዬንና ክሊራንሴን አጠናቅቄ ስለያዝሁ፣ በተጠየቅሁ ዕለት ማቅረብ እችላለሁ። ከአክብሮት ጋር።»

ከግርጌ ሙሉ ስሟንና ስልኳን ታክልበታለች። የጠየቀችው ቀን ነው፤ ቀን ደግሞ የሰው ኃይል ባለሙያዋ ማንንም ሳታስፈቅድ ልትናገር የምትችለው ነገር ነው። «በግምት» ማለቷም በር ይከፍታል፤ ባለሙያዋ ቃል የገባች ሳይመስላት «ምናልባት በሚቀጥለው ሳምንት» ልትል ትችላለች።

ከሁሉ በላይ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ልብ ይሏል። አስቸኳይነቷን አልደበቀችም፤ በዝግጁነት መልክ አቀረበችው እንጂ። ክሊራንስ በእጁ የያዘ ሰው በነጋታው ሥራ መጀመር እንደሚችል ማንኛውም የሰው ኃይል ባለሙያ ያውቃል፤ ከቀድሞ አሠሪ ክሊራንስ እስኪመጣ ሳምንታት የጠበቀ ክፍል ደግሞ ይህን በጣም ይወደዋል። ሥራው በጣም የሚያስፈልገው ሰው ሊልከው የሚገባው መረጃ ይህን የመሰለው ነው፤ ሰነዱ መሟላቱ፣ መጀመር የሚችልበት ቀን፣ ስለ እርሱ የሚመሰክሩ ሰዎች ተነግሯቸው ስልክ እየጠበቁ መሆናቸው። ቀጣሪው ሥራ ሲቀንስለት እንጂ ሲጨምርበት አይታየውም።

ችግሬን በግልጽ ብናገር ለምን ይጎዳኛል? ሰው ይራራል እኮ።

ይራራል። እኔም ራርቼ አውቃለሁ። ነገር ግን የሚራራው ሰውና የሚወስነው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም፤ መልእክቱን የሚያነብበው ባለሙያ ርኅራኄውን የሚያሳይበት መንገድ ስለሌለው የሚቀርለት ማፈር ብቻ ነው። ያፈረ ሰው ደግሞ ስልክ አያነሣም። አመልካቾች «ችግሬን ከነገርኋቸው በኋላ ጭራሽ ዘጉኝ» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ከጭካኔ የመጣ ሳይሆን ከዚህ የመጣ ነው።

ወሳኙ ሰው ጋ ቢደርስ እንኳ ሌላ ጥርጣሬ ያስነሣል። በጣም ተቸግሬአለሁ ያለ ሰው የተሻለ ሲያገኝ በወሩ ይሄዳል የሚል ሐሳብ በኮሚቴ ውስጥ ሲነሣ የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ሐሳቡ ትክክል ነው አልልም፤ ግን ይነሣል። ከዚህ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ችግሩ ከሥራው ሂደት ጋር በቀጥታ ሲገናኝ። ለምሳሌ ለወሊድ ሆስፒታል ስለሚገቡ ለተወሰኑ ቀናት ስልክ ላያነሡ የሚችሉ ከሆነ፣ ይህን ማሳወቅ ልመና ሳይሆን መረጃ ነው።

ልደውል ወይስ ልጻፍ? ቴሌግራምስ?

ለመጀመሪያው ክትትል ጽሑፍ ይሻላል፤ የተጠሩት በስልክ ብቻ ከሆነና ኢሜይል ካልተሰጠዎት ግን በተጠሩበት ቁጥር መደወል ነውር የለውም። የደወሉ እንደሆነ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ሰኞ ጠዋትን ግን ይተዉት። ዓርብ ደግሞ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የምሳ ሰዓት ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ስለሆነ ቀድመው መደወል ይኖርብዎታል። ስልኩ ሲነሣ ስምዎንና የሥራ መደቡን ተናግረው «ለአንድ ደቂቃ ይመቸዎታል?» ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያ ቀኑን ብቻ ይጠይቁና አመስግነው ይዝጉ። ካልተነሣ በዚያው ቀን ደግመው አይደውሉ። ስልኩ ላይ አሥራ አንድ ያልተነሣ ጥሪ ያየ ሰው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ይሰለቻል። ሚስድ ኮል አድርጎ እንዲደወልልዎ መጠበቅ ደግሞ ለጓደኛ እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ቴሌግራም የሚያስኬደው ድርጅቱ ራሱ በዚያ ያገኘዎት ከሆነ ነው። የባለሙያዋን የግል አድራሻ ፈልጎ ማግኘትና እዚያ መጻፍ፣ ቤቷ ሄዶ በር እንደማንኳኳት ነው የሚታየው። ሁለቱ የንባብ ምልክቶች ታይተው መልስ ሳይመጣ ሲቀር «አይተው ዝም አሉኝ» ብሎ የጥያቄ ምልክት መደርደርም ይቅር። እኩለ ሌሊት ላይ የጻፉትን ደግሞ አስቀምጠው ጠዋት አንብበው ይላኩት፤ የመላኪያው ሰዓት ከመልእክቱ በፊት ይነበባል፤ በጭንቀት ሌሊት የተጻፈ ነገርም ጠዋት ሲነበብ ግማሹ መሰረዙ አይቀርም።

እዚያ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ዘመድ አለኝ። ሰው ባስነግርስ?

ይህ ጥያቄ በሹክሹክታ ስለሚጠየቅ እንጂ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይኸው ነው። ዘመድዎ ሂደቱ የት እንደደረሰ ቢጠይቅልዎ ነውር የለበትም፤ «ቃለ ጉባኤው ገና አልተፈረመም» የሚል አንድ ቃል ብዙ እንቅልፍ ያስገኛል። «ይህችን ልጅ እይልኝ» ብሎ ወደ ኮሚቴ አባል ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። በውጤት ቀዳሚ ከሆኑ ያገኙት ቦታ በዘመድ የተገኘ ይመስላል፤ አንዳንድ ኮሚቴ ሐሜት ፈርቶ ሁለተኛውን የሚመርጥበት ጊዜም አለ። ሁለተኛ ከሆኑ ደግሞ ሌላ ሰው በውጤቱ ያገኘውን መንጠቅ ይሆናል፤ ይህን ያለ ማለባበስ መናገር ይሻላል።

በሁለት በኩል መጠየቅም ይጎዳል። እርስዎ ኢሜይል ልከው፣ ዘመድዎ በኮሪደር ጠይቆ፣ የሠፈር ሰው ደግሞ ለሥራ አስኪያጁ ደውሎ ከሆነ፣ በቢሮው ውስጥ የሚወራው ስለ ችሎታዎ ሳይሆን ስለ ደጅ ጥናትዎ ይሆናል።

«ገና አልተወሰነም» ብለው መለሱልኝ። ለሁለተኛ ጊዜ መቼ ልጠይቅ?

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ኅዳር 25 ለላከችው ኢሜይል በማግሥቱ «ዋና ሥራ አስኪያጁ ውጭ አገር ናቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመለሱ ይጸድቃል» የሚል መልስ ደረሳት። ወዲያው ልትመልስ የሚገባት «ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ፤ እጠብቃለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ኅዳር 29 ይጀምርና ዓርብ ታኅሣሥ 3 ያበቃል። የቤት ኪራዩ ቀን ታኅሣሥ 1 የሚውለው እዚያው መሐል፣ ረቡዕ ላይ ነው። አከራይዋ በር ላይ ቆመው ሳለ ስልኩን አንሥቶ መደወል የሚያጓጓው በዚያ ቀን ነው፤ መደወል የሌለባትም በዚያ ቀን ነው፤ ምክንያቱም ታኅሣሥ 1 የእርሷ ቀጠሮ እንጂ የድርጅቱ ቀጠሮ አይደለም። ኪራዩን የሚመለከተው ንግግር ከአከራይዋ ጋር ነው መደረግ ያለበት፤ «የቃለ መጠይቅ ውጤት በዚህ ሳምንት እየጠበቅሁ ነው፤ እስከ 10 ቀን ይታገሡኝ» ብላ እዚያ ብትለምን ኋላ በሥራዋ ላይ የሚያመጣባት ነገር የለም።

ድርጅቱ የተናገረው ሳምንት አልፎ ዝም ካሉ ማክሰኞ ታኅሣሥ 7 ረፋድ ላይ ትደውላለች። ሁለተኛው ክትትል በስልክ ቢሆን ይመረጣል፤ መጀመሪያ የተጻፈው መልእክት ማንነቷን አስተዋውቋልና። «ሥራ አስኪያጁ ሲመለሱ እንደሚጸድቅ ነግረውኝ ነበር፤ የት እንደደረሰ ለማወቅ ነው የደወልሁት» ትበል። ይህም ሳይሳካ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ የመጨረሻ አጭር ኢሜይል መላክ ይቻላል። ከዚያ በላይ የሚላከው መልእክት መረጃ አምጥቶ አያውቅም፤ ያልተወሰነው ነገር በሦስት መልእክት ካልተወሰነ በሰባተኛውም አይወሰንም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሌላ ቦታ ማመልከትን አያቋርጡ። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም፤ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ዓይኑን የተከለ ሰው መልእክቱ በራሱ እየከበደ ስለሚሄድ ነው።

ሌላ ድርጅት ቀጥሮኛል ብል ያፋጥነዋል?

እውነት ከሆነ ያፋጥነዋል። «ከሌላ ድርጅት የቅጥር ደብዳቤ ደርሶኛል፤ እስከ ዓርብ መልስ መስጠት አለብኝ። የእናንተን ሥራ ስለምመርጥ ከዚያ በፊት ሁኔታውን ማወቅ ብችል» ማለት ግልጽና ጨዋ ነው። እውነት ካልሆነ ግን አይሞክሩት። ድርጅቱ «እንግዲያው መልካም ዕድል» ቢል የሚመለሱበት መንገድ የለም፤ በአንድ ዘርፍ ውስጥ ያሉ የሰው ኃይል ባለሙያዎችም እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ።

ሌላ ሰው መመረጡን ነገሩኝ። አሁንም የምጽፈው ነገር አለ?

አለ፤ ብዙዎች የሚተዉትም ይህን ነው። በብዙ ቅጥሮች ላይ ከተመረጠው ቀጥሎ ያለው ሰው በተጠባባቂነት ይያዛል። የተመረጠው ሰው ክሊራንስ አጥቶ፣ በደመወዝ ሳይስማማ፣ ወይም የቀድሞ አሠሪው ደመወዝ ጨምሮለት ሊቀር ይችላል። ሥራ ከጀመረም በኋላ ቢሆን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ስለሚችል፣ በዚያ ውስጥ የሚለቅ ወይም የሚሰናበት አለ። ያኔ አዲስ ማስታወቂያ ከማውጣት ተጠባባቂውን መጥራት ይቀላል።

ስለዚህ «ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ። በተጠባባቂነት ተይዤ ከሆነ ወይም ወደፊት ተመሳሳይ መደብ ሲከፈት ብትጠሩኝ ደስ ይለኛል» የሚል ሁለት መስመር በዚያው ቀን ይላኩ። «ምን ጎድሎኝ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ግን እዚህ ውስጥ አይጨምሩት፤ የቅሬታ መነሻ እንዳይሆን ስለሚፈራ መልስ አይሰጥበትም፤ ሞቅ ያለውን መልእክትም ያቀዘቅዘዋል።

በመጨረሻ ደውለው «ነገ መጀመር ትችላለህ?» ቢሉኝስ?

ብዙ የጠበቀ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ደስታዎን ይግለጹ፤ ነገር ግን በስልክ ላይ እያሉ ደመወዙ ጥቅል ይሁን የተጣራ፣ የትራንስፖርትና የቤት አበል ይኑረው አይኑረው፣ የቅጥር ደብዳቤውም መቼ እንደሚሰጥ ይጠይቁ። «በጣም ደስ ብሎኛል። የቅጥር ደብዳቤውን ነገ ጠዋት መጥቼ ላንብብና የምጀምርበትን ቀን እዚያው እንወስን» ቢሉ ማንም ሥራውን ለሌላ አይሰጥብዎትም።

አሁን በሥራ ላይ ያሉና የሙከራ ጊዜዎን የጨረሱ ከሆነ ደግሞ፣ ያው አዋጅ ለአሠሪዎ የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጡ ያስገድዳል። «ነገ እገባለሁ» ብለው የቀድሞውን ሥራ በድንገት ቢጥሉ ክሊራንስ የሚሰጥዎት እርሱው ነውና ይቸገራሉ፤ አዲሱ ድርጅትም እኛንም አንድ ቀን እንዲሁ ጥሎን ይሄዳል ብሎ ማሰቡ አይቀርም። የማስጠንቀቂያ ጊዜዎን ነግረው፣ ከቀድሞ አሠሪዎ ጋር ተነጋግረው ማሳጠር ከቻሉ በማግሥቱ እንደሚያሳውቋቸው ይንገሯቸው፤ በማግሥቱም ይደውሉ።